የሐጂ ባቢከር ግቢ የቆጣሪ ሹም

አሶሳ ውስጥ ሹመት ፈልገው ያጡ ሰዎች ሞልተዋል። የሺሀረግ ግን ሳትፈልግ ተሹማ ይኸው ሰባት ዓመቷ። ሹመቱ ደመወዝ የለው፣ መኪና የለው፣ ማኅተም የለው። ያለው አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና በየወሩ አንድ ጠብ ነው። የሐጂ ባቢከር ግቢ የቆጣሪ ሹም ናት።

እንዴት እንደተሾመች ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አንዲት ክፍል ልትከራይ የመጣች ዕለት ውሉ ላይ ስሟን ስትጽፍ ሐጂ ባቢከር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጽሕፈቷን አዩት፤ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ደግመው አዩት። መዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኗን ሲሰሙማ ነገሩ አለቀ። «ይኼ ልጅ የመብራቱን ሒሳብ ይያዝ» አሉ። ሴት ልጅ ናት፣ «ትያዝ» ነው የሚባለው ብሎ የሚያርማቸው አልነበረም። አማርኛውን ከገበያ ነው የለመዱት፤ ቁም ነገሩን ግን አልሳቱትም።

ግቢው አምስት በር አለው፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት የሐጂ ባለቤት እማ ሳሊማ ይኖራሉ። ቀጥሎ የሺሀረግ። ከእሷ አጠገብ ጌትነት፣ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ በውኃ ቴክኒሺያንነት የሚሠራ፣ ከሳምንቱ አራቱን ቀን እዚያው የሚያድር ወንደላጤ። ከዚያ ሙንታሲርና ሚስቱ ዐርዋ፤ ዐርዋ የከርከዴ ጁስ አቀዝቅዛ ትሸጣለች። መጨረሻ ላይ ከባምባሲ የመጣው ልብስ ሰፊ ሌንጂሳ፣ ከባለ ሞተር የስፌት መኪናውና ከካውያው ጋር።

መጀመሪያ ሒሳቡ የሚካፈለው በአምፖል ቁጥር ነበር። የሺሀረግ ልትቆጥር ስትወጣ የግቢው አምፖል ሁሉ ይጠፋል፤ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከነአካሉ ይሰወራል። ሌንጂሳ አንድ ቀን የጋለ አምፖል ፈትቶ ኪሱ ከትቶ «አዴ የሺ፣ እኔ ጋ አንድ ብቻ ነው» ሲላት ፊቱ ሲቀላ አየችው። ጭኑን ለሁለት ሳምንት ቅባት ቀብቶታል። ያዩ አሉ።

ከዚያ በነፍስ ወከፍ ይሁን ተባለ። ዐርዋ ቤት ሁለት ነፍስ፣ አንድ ፍሪጅ። ጌትነት ፍሪጁስ ብሎ ቢጠይቅ ሙንታሲር ኮስተር ብሎ «ወላሂ፣ ፍሪጅ ነፍስ የለውም» አለ። ከሃይማኖት አንጻር ትክክል ነበርና ፍሪጁ ሳይቆጠር ቀረ። የዐርዋ እህት ከመንጌ ለሦስት ቀን መጥታ ሁለት ወር ስትቆይም ነፍስ ሳትሆን እንግዳ ናት ተባለ። የሺሀረግ ጎደሎውን ከራሷ ኪስ ሞላች። መሙላት ደግሞ መጥፎ ልማድ ነው፤ አንዴ ከሞሉ፣ ሰው ጎደሎው የእርስዎ ይመስለዋል።

አሁን የሺሀረግ አንድ ምኞት ብቻ አላት፤ መሄድ። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲመጡ የሰፈሩበት መንደር አሥራ አራት ውስጥ አባቷ በተዉላት ቦታ ላይ በአምስት ዓመት ሁለት ክፍል ሠርታለች። ቆርቆሮ ለብሷል፣ ወለሉ ተለስኗል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆጣሪ ገብቶለታል። ለብቻው። በስሟ። የመጀመሪያዋን ቀን ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆማ ለረጅም ጊዜ ስታየው ያያት ጎረቤት፣ ሴትየዋ ሳሎን ትታ ቆጣሪ የምታደንቀው ምን ነክቷት ነው ብሎ አውርቷል። ምን ያውቃል እሱ።

ከዚህ በፊት ሁለቴ ልትወጣ ሞክራለች። አንዴ ሐጂ ሞቱና ከለቅሶ ቤት ዕቃ ጭኖ መውጣት ነውር ሆነ። ሁለተኛው ጊዜ እማ ሳሊማ እጇን ይዘው «የሺ፣ አንተ ከሄድክ እነዚህ በቆጣሪ ይገዳደላሉ» አሏት። እማ ሳሊማ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ፍቅራቸው ግን ጾታውን አይስትም። የሺሀረግ ታይፎይድ ታማ በተኛች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን የባሚያ ወጥና ገንፎ እያመላለሱ ያበሏት እሳቸው ናቸው። ኪራይዋንም በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ብር አልጨመሩባትም። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ሲይዝ ከሰንሰለት ይብሳል።

በሦስተኛው ግን ዘዴ ዘየደች። ሕግ ጽፋ ትሄዳለች። ሰው የማያስፈልገው፣ ደብተሩን ሌንጂሳም ቢይዘው የማይሳሳተው ሕግ። ጌትነት አምስት ትንንሽ ቆጣሪ ገዝቶ፣ የዋናው ቆጣሪ አንባቢ በመጣበት ቀን በየበሩ ገጠመላት። እሷም ቢሮ ቁጭ ብላ እንደ መንግሥት ደብዳቤ አሳምራ ጻፈችውና ከውስጥ በኩል የግቢው በር ላይ ለጠፈችው።

«ለሐጂ ባቢከር ግቢ ተከራዮች በሙሉ። የመብራት ሒሳብ ከዚህ ወር ጀምሮ የሚከፈለው እንደሚከተለው ነው።

1. ዋናው ቆጣሪ በሚነበብበት ቀን የአምስቱም በር ቆጣሪ ይነበባል። ባለቤቱ ወይም የወከለው ሰው ቆሞ ያያል።
2. ከአሁኑ ንባብ ላይ ያለፈው ወር ንባብ ሲቀነስ የበሩ ፍጆታ ይገኛል።
3. የወሩ የአገልግሎት ክፍያ ለአምስት እኩል ይካፈላል። በሩ ተዘግቶ ቢከርምም ይከፈላል።
4. የቀረው ገንዘብ ለዋናው ቆጣሪ ፍጆታ ተካፍሎ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። ሁሉም በር በዚያ ዋጋ የራሱን ይከፍላል።
5. የግቢውና የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል፣ እንዲሁም ዋናው ቆጣሪ ከአምስቱ ድምር የሚበልጥበት ልዩነት ለአምስት እኩል ይካፈላል።
6. የወሩ ቢል ከዚህ ጎን ይለጠፋል። ያልተዋጠለት ራሱ አስልቶ ይመልከት።»

ጌትነት ተራ ቁጥር ሦስትን ሁለቴ አነበበው። «እትዬ የሺ፣ እኔ ግማሹን ወር የለሁም እኮ።»

«መስመሩ ግን አለ። አንተ ስትሄድ ሽቦውን ጠቅልለህ ይዘህ አትሄድም።»

«እሱስ ይሁን። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወጣል። ብቻዬን ብሆን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ከዐርዋ ፍሪጅ ጋር ነው አብሬ ዳገት የምወጣው።»

«ብቻህን ከፈለግህ የብቻህን ቆጣሪ አስገባ» አለችውና የራሷ ቤት ትዝ ብሏት ፈገግታዋን ዋጠች።

ሙንታሲር ፈረመ፣ ሌንጂሳ ፈረመ፣ እማ ሳሊማ አሻራቸውን አሳረፉ። የሺሀረግም የመጋቢትን መጨረሻ እሑድ ለባጃጅ ነጂው ለኦሊያድ ቀጠሮ ሰጠችው። ሕጉን አንድ ወር አሠርታ፣ ደብተሩን አስረክባ፣ ትሄዳለች።

ንባቡ ደረሰ። ሁሉም በየበሩ ቆመው አስነበቡ፤ እንደ ፈተና ውጤት ነበር። እማ ሳሊማ ዘጠና ስድስት። የሺሀረግ ሠላሳ ስምንት። ጌትነት ሃያ ሁለት። እነ ዐርዋ መቶ ሠላሳ አንድ፤ ዐርዋ ፍሪጁን ዞራ እንደ ከዳተኛ አየችው። ሌንጂሳ ስልሳ አራት። ድምሩ ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ።

ዋናው ቆጣሪ ግን አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።

የሺሀረግ ደመረች፣ እንደገና ደመረች፣ በስልኳ ደመረች። ስልሳ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የበላው አልታወቀም። በፊት ሒሳቡ ከላይ ወደ ታች ስለሚካፈል ትርፍ የሚባል ነገር አይታይም ነበር። የሰውን ሁሉ ድርሻ ለይቶ መቁጠር ሲጀመር ነው ሰው የሌለበት ድርሻ ብቅ ያለው።

በተራ ቁጥር አምስት መሠረት ስልሳ አንዱ ለአምስት ተካፈለ። ለያንዳንዱ አሥራ ሁለት ከምናምን። ጌትነት ሃያ ሁለት አብርቶ ሠላሳ አራት ሊከፍል ነው።

«ይህ ሕግ የተጻፈው በማን እጅ ነው?» አለ ጌትነት፣ ማስታወቂያው ፊት ቆሞ፣ ለማንም ሳይሆን ለበሩ።

«በአዴ የሺ» አለ ሌንጂሳ።

«ደብተሩስ ሰባት ዓመት ማን እጅ ነው?»

ሌንጂሳ ወደ ካውያው ተመለሰ። ዐርዋ ግን ጁስ እየቀዳች «አንዳንዱ ሰው ቤት ሠርቷል አሉ፣ መንደር አሥራ አራት» አለች። የግቢው በር ከመንገዱ ጋር ሲነጋገር ነው የሚውለው፤ በማግሥቱ የሺሀረግ ሽንኩርት ልትገዛ ብትሄድ ባለ ሱቋ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ፤ መብራቱም ገባ አሉ» አለቻት፤ «መብራቱም» የምትለዋን ጎተት አድርጋ። የሺሀረግ ሽንኩርቱን ሳትመርጥ ከፍላ ወጣች። ሰባት ዓመት ጎደሎ የሞላ ሰው ሌባ ተብሎ ሊወጣ ነው። እንዲህ ሆና ደግሞ መውጣት አትችልም፤ ዕቃዋን ከጫነች «አላልኳችሁም?» ይባላል። ስልሳ አንዱ ሳይገኝ ያ በር ለእሷ ተዘግቷል።

ጌትነትን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ያዘችው። «ሌባ ካልከኝ ፈልገህ ያዘኝ።»

«እኔ ሌባ አላልኩም። ጠየቅሁ እንጂ።»

«መጠየቅህን ሱቅ ድረስ ሰምቻለሁ። ና ፈልግ።»

ነገሩ ከባድ አልነበረም። በትንንሾቹ ቆጣሪዎች በኩል የአምስቱንም በር ማብሪያ አጠፉ። የግቢውንና የመጸዳጃ ቤቱን አምፖል አጠፉ። ዐርዋ «ጁሴ» እያለች ፍሪጁን በፎጣ ሸፈነችው። ከዚያ ሁሉም ዋናው ቆጣሪ ሥር ተሰበሰቡ። ምንም ያልበራበት ግቢ ቆጣሪ ዝም ማለት ነበረበት። ይኼኛው ቀይ ዓይኑን ብልጭ አደረገ። ትንሽ ቆየና እንደገና ብልጭ። እንደገና።

«ይኼ ጅን ነው» አለ ሌንጂሳ።

«ጅን የመብራት ቢል አይከፍልም» አለ ሙንታሲር።

ጌትነት በእጅ ባትሪ ሽቦውን ተከተለ። ከዋናው ቆጣሪ ወጥቶ ወደ በሮቹ ከሚከፋፈለው ገመድ፣ ከአምስቱ ቆጣሪ በፊት፣ አንድ አሮጌ ሽቦ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀጥሏል። በቆርቆሮው ሥር አልፎ፣ በማንጎው ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸሽጎ፣ የቀርከሃውን አጥር ይሻገራል። ከአጥሩ ማዶ የሼኽ አብዱልረሂም ኸልዋ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት። ልጆቹ ከመግሪብ በኋላ የእንጨት ሉሓቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ድምፃቸውን ለቀው ይቀራሉ። ከላያቸው ሦስት አሮጌ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ቢጫ ብርሃኑን ያፈሰዋል።

ጌትነት ቆሞ በጣቱ አሰላ። «ሦስት መቶ ሻማ፣ ከምሽቱና ከሱብሒ በፊት ያለው ተደምሮ ስድስት ሰዓት ቢበራ፣ በወር ሃምሳ አራት። የግቢውና የመጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ሰባት። ስልሳ አንድ።» ከዚያ ወደ የሺሀረግ ሳይዞር «አጥፍቻለሁ፣ እትዬ» አለ።

ሼኽ አብዱልረሂም ተጠሩ። ተገረሙ እንጂ አልደነገጡም። «ሐጂ ባቢከር ነው የሰጠን፤ አላህ ይዘንለት። ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ሰደቀቱን ጃሪያ ብሎ፤ ከሞተም በኋላ አጅሩ፣ ዋጋው፣ እንዳይቋረጥበት።»

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ኖሮ የሺሀረግ እሑድ ጠዋት ባጃጅ ላይ ነበረች። ስሟ ነጽቷል፤ ሰውም የሰደቃ መብራት ቁረጡ የሚል አንደበት የለውም። ጌትነት እንኳን «ሽቦ ወደ ሌላ ግቢ ማሻገር አይፈቀድም፤ እሳትም ያስነሳል» ብሎ ከማጉረምረም አላለፈም። ሙንታሲርማ ሳያውቀው ሲሰደቅ የኖረ ሰው ሆኖ ደረቱን ነፋ።

እማ ሳሊማ ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ።

«የሺ፣ ይኼን መብራት ማን ከፈለው?»

«ሁላችንም፣ እማ። ተካፍለን።»

«ሐጂ አልከፈለም?»

«የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ከፍለዋል።»

«የቀረው የማን ነው?»

የሺሀረግ መልሱን ከማውጣቷ በፊት ምን እየመጣ እንዳለ ገባት። አባቷ የወሎ እስላም፣ እናቷ ክርስቲያን ነበሩ፤ የሁለቱንም ቤት ሕግ ታውቀዋለች። በሰው ገንዘብ፣ ሰውየው ሳይፈቅድ፣ ሰደቃ የለም። ሐጂ ባቢከር የሰው ሐቅ አንገታቸው ላይ ይዘው ነው የተኙት።

«እሱ ሐሳቡ ጥሩ ነበር» አሉ ሼኹ በዝግታ። «ቆጣሪው እንዲህ እንደሚካፈል አላሰበውም።»

«አላሰበም» አሉ እማ ሳሊማ። «አሁን ግን እኔ አወቅኩ። ካወቅኩ በኋላ እንዴት ልተኛ?»

ሽቦው በማግሥቱ ከዋናው ተፈቶ በእማ ሳሊማ ቆጣሪ ውስጥ እንዲያልፍ ሆነ፤ ሼኹ ለኸልዋው የራሱን ቆጣሪ እስኪያስገቡለት ሒሳቡ የእማ ሳሊማ ብቻ ነው። አምፖሎቹም በኃይል ቆጣቢ አምፖል ተቀየሩ። የሺሀረግ ተራ ቁጥር ሰባት ብላ ጨመረችው። ወደፊት ያለው ተስተካከለ። ወደ ኋላ ያለው ነው የቀረው።

እዚያው ግቢ ያሉት አራቱ ወዲያው ይቅር ብለው «አፉ ብለናል» አሉ። የሺሀረግም ስለ ራሷ አለች። ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእነዚያ በሮች የገባና የወጣ ሰው ስንት ነው? የት ነው? ያንን የሚያውቅ አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ ደብተሩም እጇ ላይ ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት ያሉትን ሁለት ዓመታት ሼኹ በትዝታ ሞሉላት። አሥራ ሦስት ሰው ሆነ።

እማ ሳሊማ እንደዚያን ጊዜው እጇን ያዙ። «የሺ፣ ገንዘቡን ከእጃቸው የተቀበልከው አንተ ነህ። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ አጠገቤ ቁም። ተቀባዩ ከሌለ ነገሩ አይሞላም። ከዚያ ሂድ። በአላህ፣ አልይዝህም።»

አልይዝህም አሉ፤ እጇን ግን አልለቀቁም።

እሑድ ኦሊያድ ባጃጁን አስነስቶ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ የሺሀረግ ብቅ ብላ «ሳምንት» አለችው። በሳምንቱም «ሳምንት» አለችው። በሦስተኛው ኦሊያድ ደውሎ «እትዬ፣ የምትጭኚው ዕቃ ነው ሐሳብ?» አላት።

ሥራው ተጀመረ። ምሳ ሰዓት ላይ ከመዝገብ ቤት ትመለሳለች፤ እማ ሳሊማ ድንጋዩ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ይደረጋል። አንዳንዱ ቀላል ነበር። ማንቡክ የተዛወረችው መምህርት ሕብረት ነገሩን ሰምታ ሳቀች፤ «ያን ጊዜ ለልጆች መሆኑን ባውቅ አምፖሌን አላጠፋም ነበር» ብላ ይቅር አለች። አንዱ ስንት እንደሚደርሰው አስልታ እንድትነግረው ጠየቀ፤ አሰላችና ነገረችው፤ እማ ሳሊማ ላኩለት፤ መልሶ ላከና «ለኸልዋው ይሁን» አለ። እሳቸው አለቀሱ። የአንዱ ስልክ አይሠራም ነበርና በዘመድ ዘመድ ሲፈለግ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ኢልሊ የምትባለዋ ነርስ ደግሞ ወዲያው ይቅር ብላ፣ ለቀሪው ግማሽ ሰዓት ስለ ባሏ ክፋት አወራች፤ የሺሀረግም አዳመጠች። ይቅርታ የሚለምን ሰው ስልክ አይዘጋም።

በዚህ መሐል ማስታወቂያው ሥራውን ቀጠለ፤ ግን ሌንጂሳ ማካፈሉን ሲሞክር የአገልግሎት ክፍያውን ሁለቴ ደምሮ ዐርዋን አስለቀሳት። የሺሀረግ «ደብተሩን አምጣው» አለችው። አምጥቶ ሰጣትና ደግሞ አልወሰደውም።

በሰኔ አጋማሽ አሥራ ሁለቱ ተሰረዙ። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ሙስጠፋ፣ አሁን መንጌ አካባቢ ወርቅ የሚነግደው። ሁለት ዓመት በዛሬው የጌትነት ክፍል ውስጥ ኖሯል። ሲያገኙት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር፤ እማ ሳሊማ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ አስጠጉ።

ሙስጠፋ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማ። «አፉ እንድል ነው?»

«አዎ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ» አሉ እማ ሳሊማ።

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም። ሐጂ እንደ አባቴ ነበር። መጥቼ፣ መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ በአፌ ነው የምለው።»

እማ ሳሊማ ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ መልካም ነገር ሰምተው አያውቁም። የሺሀረግ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሙስጤ፣ እኔ የሺሀረግ ነኝ። መቼ ነው የምትመጣው?»

«ኦ፣ የሺ! አሁንም እዚያው ነሽ? ምን ልበልሽ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ክረምቱ ይለፍና፣ የወርቁ ሥራም ጋብ ሲል... ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ መቼ?»

«ኢንሻአላህ ነዋ» አለ ሙስጠፋ፣ በፍቅር።

እማ ሳሊማ ሹራባቸውን ሰብስበው ተነሱ። የሺሀረግ ደብተሩን ገልጣ ከስሙ ጎን «በአካል» ብላ ጻፈች። ከዚያ አዲስ ገጽ አወጣችና፣ ነገ የንባብ ቀን ስለሆነ፣ የአምስቱን በር ስም ከላይ ወደ ታች ደረደረች፤ ሁለተኛው የራሷ ነበር።